ሰንጠረዡ 27 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 15 አለ፦ ስለ ትንሽ ሱቅ ስቶክ ጥያቄና መልስ

የጽሕፈት ዕቃና የቤት ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ስቶክ ይዣለሁ። መጀመሪያ በደብተር፣ በኋላ በኤክሴል። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ የመጡትን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ «ሰላም። ሱቅ ከከፈትኩ ሦስት ወሬ ነው። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ የሚል ሰንጠረዥ ሠርቻለሁ። ዕቃ በተሸጠ ቁጥር ቀሪውን አጥፍቼ አዲሱን እጽፋለሁ። ልክ ነኝ?»

አይደለህም። ቀሪን በእጅህ አትጻፍ። አንድ ቀን 34 የነበረውን 43 ብለህ ብትጽፍ ስህተቱ የት እንደገባ የምታውቅበት መንገድ የለህም፤ የድሮው ቁጥር ጠፍቷል። ቀሪ ሁልጊዜ በስሌት ይምጣ።

ሁለት ሺት ክፈት። አንዱን «መዝገብ» በለው። ዕቃ በገባና በወጣ ቁጥር እዚያ አንድ አዲስ መስመር ትጽፋለህ፦ በA ቀን፣ በB የዕቃው ኮድ፣ በC ገቢ፣ በD ወጪ፣ በE ዓይነት። ዓይነት ማለት ግዢ ነው፣ ሽያጭ ነው፣ ብልሽት ነው፣ ወይስ ማስተካከያ? የተጻፈ መስመር አይሰረዝም።

ሌላው ሺት «ዝርዝር» ነው። እዚያ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር ብቻ አለው፦ A ኮድ፣ B ስም፣ C መለኪያ፣ D መነሻ ብዛት፣ E ገቢ፣ F ወጪ፣ G ቀሪ፣ H ማዘዣ ልክ፣ I አቅራቢ፣ J ምልክት። ማዘዣ ልክ ማለት ቀሪው እዚያ ሲደርስ የምታዝበት ቁጥር ነው። በE2፣ F2፣ G2 እና J2 የሚገቡት ፎርሙላዎች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦

```
=SUMIFS('መዝገብ'!C:C,'መዝገብ'!B:B,A2)
=SUMIFS('መዝገብ'!D:D,'መዝገብ'!B:B,A2)
=D2+E2-F2
=IF(G2<=H2,"ይታዘዝ","")
```

ወደ ታች ጎትታቸው፣ በቃ። ኮምፒውተርህ ፎርሙላውን አልቀበልም ካለህ በኮማው ቦታ ሴሚኮለን (;) ሞክር፤ በአንዳንድ ማሽን አቀማመጡ እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ «እኔ እንዳልከው ዓይነት ሰንጠረዥ አለኝ። ግን ትናንት ሳሙና ስቆጥር ሰንጠረዡ 27 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው 15 ነው። የሚያግዘኝን ልጅ ልጠይቀው ፈልጌ ከበደኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ልጁን ከመጠየቅሽ በፊት ልዩነቱን እይው። 27 ሲቀነስ 15፣ 12 ነው። ድፍን ደርዘን! በስርቆትም ሆነ በመርሳት የሚጠፋ ዕቃ እንዲህ ድፍን ሆኖ ብዙም አይመጣም። 12 ወይም 24 ሲጎድል እኔ መጀመሪያ የማየው ካርቶኑን ነው።

ከላክሽልኝ መዝገብ ላይ መነሻው 20፣ ገቢው 48፣ ወጪው 41 ነው። 48ቱ የመጣው ከሁለት መስመር ነው፤ በሁለት የተለያየ ቀን 24፣ 24 ተብሎ ተጽፏል። የሁለተኛውን ቀን ደረሰኝ አውጪና እይ። አቅራቢው ያን ቀን ባለ 12 ካርቶን አምጥቶ ሊሆን ይችላል። «አንድ ካርቶን» የሚለውን አይቶ እንደ ልማዱ 24 ብሎ የጻፈ ሰው ሌባ አይደለም።

(ከሰዓት በኋላ መልሳ ጽፋልኛለች። ደረሰኙ ላይ 1×12 ይላል። እንኳን ልጁን አልተናገረችው።)

ማስተካከያው እንዲህ ነው። መነሻውን አትንኪ፣ የድሮውንም መስመር አታርሚ። በዛሬው ቀን አዲስ መስመር ጻፊ፦ ወጪ 12፣ ዓይነት «ማስተካከያ»። «ሽያጭ» ብለሽ እንዳትጽፊ አደራ። ያልተሸጠ 12 ሳሙና እንደ ተሸጠ ከተቆጠረ ቀጥሎ የምታሰይው ማዘዣ ልክ ያብጣል።

ለወደፊቱ ደግሞ መዝገቡ ላይ ሁሉንም በፍሬ ጻፉ። ካርቶን የሚባል ነገር እዚያ አይግባ። «2 ካርቶን» ብሎ ሴል ውስጥ የጻፈ ሰው ካለ ኤክሴል ጽሑፍ ነው ብሎ ይዘለዋል፣ አይደምረውም። እንዲህ ዓይነቱን በዓይን መለየት ይቻላል፦ አሰላለፉን ካልነካችሁት ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ።

ጥያቄ፦ «ማዘዣ ልክን ማካበድ ምን ያስፈልጋል? እኔ ለሁሉም ዕቃ አማካይ ሽያጭን አቅራቢው በሚፈጅበት ቀን አባዛለሁ። አምፖል ባለፉት 28 ቀናት 42 ተሽጧል፣ በቀን 1.5 ማለት ነው። አቅራቢው በ6 ቀን ያመጣል። 9 ሲቀር አዛለሁ። ያም ሆኖ አንዳንዴ ያልቅብኛል፣ ግን የገበያ ነገር ነው።»

መንገድህ ትክክል ነው፤ እስከ ግማሹ ድረስ። የሚያልቅብህ ግን በገበያ ምክንያት ብቻ አይመስለኝም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ በእነዚያ 28 ቀናት ውስጥ አምፖል ጭራሽ ያልነበረበት ስንት ቀን ነው?

(«ሰባት ቀን አካባቢ» አለኝ።)

ይኸው። ባዶ በነበረበት ሰባት ቀን ሰው አምፖል ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም፣ አንተ ጋ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ 42ን የምታካፍለው ለ28 ሳይሆን ለ21 ነው። በቀን 2 ይሆናል። አሁን 9 ሲቀርህ ካዘዝክ በአምስተኛው ቀን ላይ አለቀ ማለት ነው፤ አቅራቢው የሚመጣው በስድስተኛው። ሁሉም ነገር በደንቡ ሄዶ እንኳ ባዶ ቀን ይኖርሃል። ባዶ ቀኑ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር አማካይ ዝቅ ያደርገዋል፣ ዝቅ ያለው አማካይ ማዘዣ ልኩን ዝቅ ያደርገዋል። በደንብ የሚሸጥ ዕቃ በሰንጠረዥ ላይ «የማይሄድ» እየመሰለ ከሱቅ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው ግማሽ መጠባበቂያው ነው። አቅራቢህ 6 ቀን የሚፈጀው ሲመቸው ነው። ሲዘገይስ? 10 ቀን ካልክ 2 በ10፣ 20 ነው። ማዘዣ ልክህን 20 አድርግ። ከ20ው 12ቱ ለተለመደው 6 ቀን ነው፣ 8ቱ ለመዘግየቱ። የ28 ቀን ሽያጭን ከመዝገቡ ለመሰብሰብ ይህ ይበቃል፦

```
=SUMIFS('መዝገብ'!D:D,'መዝገብ'!B:B,A2,'መዝገብ'!E:E,"ሽያጭ",'መዝገብ'!A:A,">"&TODAY()-28)
```

ባዶ ቀኖቹን ግን ራስህ ቆጥረህ ነው የምታካፍለው። ፎርሙላው ያን አያውቅልህም።

ጥያቄ፦ «እኔም ማዘዣ ልኬን 20 አድርጌ 20 አዘዝኩ። ዕቃው በገባ በሦስተኛው ቀን እንደገና "ይታዘዝ" አለኝ። ፎርሙላው ተበላሽቷል?»

ፎርሙላው ደህና ነው። 20 የሚነግርህ *መቼ* እንደምታዝ ነው እንጂ *ስንት* እንደምታዝ አይደለም። በቀን 2 የሚሸጥ ከሆነ እንዲህ ሆኗል፦ 18 ሲቀር አዘዝክ፣ እስኪመጣ 6 ቀን 12 ሸጥክ፣ 6 ቀረህ፣ 20 ገባ፣ 26 ሆነ። ከ26 ወደ 20 ለመውረድ ሦስት ቀን ነው የሚፈጀው። የምታዘው ብዛት ሌላ ሒሳብ ነው፦ ከአቅራቢው በየስንት ጊዜው መግዛት ትፈልጋለህ? በየሦስት ሳምንቱ ከሆነ 42 አካባቢ እዘዝ፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ካርቶን አጠጋጋው።

ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት፦ «መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰንጠረዥህ አንድ ነገር ጎድሎታል። ታዞ ያልደረሰ ዕቃ የት ነው የሚታየው? እኔ ጠዋት አዝዤ ወጣሁ፣ ባልደረባዬ ከሰዓት "ይታዘዝ" የሚለውን አይቶ ደገመው። ሁለቱም ጭነት መጣ።»

ትክክል ነዎት፣ መጨመር ነበረብኝ። K ላይ «በመንገድ ያለ» የሚል አምድ ይግባና የJ2 ፎርሙላ ይለወጥ፦

```
=IF(G2+K2<=H2,"ይታዘዝ","")
```

ዕቃው ሲደርስ K ይጠፋል፣ ብዛቱ መዝገብ ላይ በገቢ ይጻፋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይሠሩ። K ሳይጠፋ ከተረሳ ሰንጠረዡ የሌለ ዕቃ እየቆጠረ ዝም ይላል፣ ያ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከማዘዝ የከፋ ነው።

ጥያቄ፦ «የአቅራቢ አምድ ላይ ሁለት አቅራቢ ያለው ዕቃ እንዴት ይጻፋል? እኔ በአንድ ሴል ሁለቱንም እጽፋለሁ።»

አንድ ሴል፣ አንድ ስም። ሁለት ስም ከጻፍሽ በአቅራቢ ማጣራት አትችይም፣ የአምዱ ዋና ጥቅም ደግሞ እሱ ነው። ስልክ ከመደወልሽ በፊት በዚያ አቅራቢ ስም አጣሪና «ይታዘዝ» ያለውን ብቻ ሳይሆን ወደ ልኩ የተጠጋውንም እይ፤ በአንድ ጭነት ይመጣል። ስሙ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጥ (በኤክሴል Data Validation የሚለው ነው)። የዕቃ ኮድም እንዲሁ፤ ከኮዱ ኋላ አንዲት ባዶ ቦታ ብትገባ SUMIFS አያገኘውም። ስልኩ፣ የሚፈጅበት ቀንና ትንሹ የሚቀበለው ትእዛዝ በሌላ ሺት ይሁን።

ማዘዣ ልኩ ከሁለቱ አቅራቢዎች በማን ቀን ይሰላ በሚለው ላይ እኔ በዘገምተኛው እላለሁ። የመጋዘኑ ሰው ግን አይስማሙም፦ «ፈጣኑ በቅርብ ካለ ገንዘብህን ለምን መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለህ?» ብለውኛል። ፈጣኑ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ ዕቃው ካለው እሳቸው ልክ ናቸው። የእኔ ፈጣን አቅራቢ ግን ብዙ ጊዜ «አልቋል» ነበር የሚለኝ።

ጥያቄ፦ «እያንዳንዱን ሽያጭ ሰው ቆሞ እየጠበቀ እንዴት እጽፋለሁ? ማታ ደምሬ ብጽፍስ?»

ማታም ይሆናል። ቀን ላይ በወረቀት ጭረት ያዙ፣ ማታ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር ይግባ። የሚያጡት ነገር ስህተቱ በስንት ሰዓት እንደተፈጠረ ማወቅ ብቻ ነው። ጭረቱን ሳይዙ «ማታ አስታውሰዋለሁ» ማለት ግን አይሆንም፤ ሞክሬው አውቃለሁ፣ ትንንሾቹ ዕቃዎች ይረሳሉ። ቆጠራውን በተመለከተ ሱቁን ዘግቶ ሁሉን መቁጠር አያስፈልግም። በየቀኑ አምስት ዕቃ ይቁጠሩ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸጡትን በየሳምንቱ ይመልሷቸው። ሽያጭ ሳይጀመር ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ የትናንቱ ማታ ከተጻፈ በኋላ።