ቅዳሜ፦ ማጠናከሪያ ወይስ ካፌ?

«ባሕር ዳር ግቢ ውስጥ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ጣና ዳር ካፌ 400 ብር የሚከፈል ሥራ አገኘሁ። ግን በዚያው ሰዓት እዚሁ ግቢ የስታቲስቲክስ ማጠናከሪያ አለ፣ 150 ብር። የማጠናከሪያው ኦፖርቹኒቲ ኮስት ስንት ነው? 550?»

ትንሽ ይቀንሳል። 150ው ከኪስህ የሚወጣ ነው። ኦፖርቹኒቲ ኮስት ግን ትምህርቱን ስትመርጥ የሚያመልጥህንም ይጨምራል። የሚያመልጥህ ደግሞ ሙሉ 400 አይደለም። ካፌው ድረስ በባጃጅ ደርሶ መልስ 60 ብር ታወጣለህ እንበል። ስለዚህ የሚያመልጥህ 340 ነው። 150 ስትጨምርበት 490 ይሆናል።

የምሳህን ሽሮ እዚህ ውስጥ አታስገባ። ብትሠራም ብትማርም ትበላዋለህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ስህተት አማራጮችን መደመር ነው። ጓደኛህ ሱቅ 300 ብር ሊከፍልህ ቢችል እንኳ አይደመርም፤ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ቦታ አትውልም። የሚቆጠረው ከተውካቸው ውስጥ የተሻለው ብቻ ነው።

ቁጥሩም ቋሚ አይደለም። ጥምቀት ሰሞን እንግዳ በዝቶ ጉርሻው 200 ብር ቢደርስ፣ ያው ትምህርት 690 ያስወጣሃል። ማጠናከሪያው ረቡዕ ማታም ካለ ደግሞ ደሞዙ ከሒሳቡ ይወጣል። 150ውና የረቡዕ ማታ እረፍትህ ብቻ ይቀራሉ። እኔ አንተን ብሆን መጀመሪያ ይህንን እጠይቅ ነበር።

ሥራውም የራሱ ዋጋ አለው። ኮርሱ ላይ ኤፍ አፋፍ ላይ ከሆንክ፣ 340 ብር ለማግኘት የምትከፍለው ኮርሱን መድገም ሊሆን ይችላል።