ቬንትሌተሩ እም ይላል እንጂ አይነሳም

«የጠረጴዛ ቬንትሌተሬ ስከፍተው እም ይላል እንጂ አይነሳም። ክንፉን ስገፋለት ቀስ ብሎ ይዞራል። ሞተሩ ተቃጥሎ ነው?»

አይመስለኝም። ሲገፋ የሚዞር ከሆነ አንድም የዘንጉ ዘይት ደርቋል፣ አንድም ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ደክሟል። ከሶኬት ንቀለውና ክንፉን በጣትህ አሽከርክረው። ብቻውን ጥቂት ዙር ከሄደ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው። ወዲያው ቀጥ ካለ ደርቋል።

የእኔ፣ ፒያሳ አስፋልት ዳር አቧራ ሲጠጣ የከረመው፣ ሁለቱም ነበረበት። ክንፉን የያዘው የፕላስቲክ ክዳን ጥርሱ ግልባጭ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። ይህን ሳላውቅ አንዱን ሰብሬያለሁ። ከኋላው ዘንጉ ላይ ፀጉርና አቧራ ተጠምጥሞ፣ የድሮው ዘይት እንደ ሙጫ ጠቁሮ አገኘሁት። በጨርቅ ጠርጌ፣ ከፊትና ከኋላ ዘንጉ በሚገባበት ቡሽ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ አደረግሁ። የወጥ ዘይት እንዳትሞክር፣ ተመልሶ ሙጫ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በእጅ ሲሽከረከር ቀለለ፤ በኤሌክትሪክ ግን ያው እም። ካፓሲተሩን ቀየርኩ። ሁለት ሽቦ ያለው ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነው። የእኔ ላይ 1.5 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት ይላል። አሮጌውን ይዘህ መርካቶ መለዋወጫ የሚሸጡ ጋ ሂድ። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፤ ቮልቱ ቢበልጥ ችግር የለውም።

«ትልቅ ይሻላል» ቢሉህ እንዳትሰማ። እኔ 2.5 አስገብቼ ነበር። ተነሳ፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ እጅ አላስነካ አለ። እም እያለ ቆሞም አትተወው፤ ሽቦው የሚቃጠለው ያኔ ነው።