ካርታውን ከማንበብሽ በፊት ፀሐይዋን ፈልጊ

«ሰላም ለሁላችሁ። የልደት ካርታዬን ከአንድ ድረ ገጽ አወጣሁ። ክብ ነው፤ ዙሪያውን የማላውቃቸው ምልክቶች፣ ውስጡን ቁጥሮች፣ መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች አሉት። ከየት ጀምሬ ነው የማነበው?»

እህቴ፣ ከመስመሮቹ አትጀምሪ። ዓይን የሚስቡት እነርሱ ስለሆኑ እኔም የጀመርኩት ከዚያ ነበር። በዚህም ምክንያት ሁለት ወር ሙሉ የታናሽ እህቴ ነው እያልኩ የሌላ ሰው ካርታ ሳነብ ከረምኩ።

እህቴ የተወለደችው አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1991 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን በጥንቃቄ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መለስኩ፤ ኦገስት 11 ቀን 1999 ሆነ። አውሮፓ ላይ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ የታየበት ዕለት ስለሆነ ካርታውን ለማየት የጓጓሁትም ለዚህ ነበር። ሰዓቱን ግን እናቴ እንደነገረችኝ 01:00 ብዬ አስገባሁ። ድረ ገጹ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ከየት ያውቃል? ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት ብሎ ተቀበለኝ። መግባት የነበረበት 07:00 ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምታደርጊው ፀሐይዋን መፈለግ ነው። ምልክቷ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት ክብ ነው፦ ☉። ካርታውን ከላይና ከታች የሚከፍለው አግድም መስመር አድማሱ ነው። የግራው ጫፍ፣ AC ወይም ASC ተብሎ የተጻፈበት፣ ምሥራቅ ነው። እንደ ተራ ካርታ ምሥራቅ በቀኝ መሆን ነበረበት ብለሽ አትደናገሪ፤ የልደት ካርታ የሚሣለው ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ሲቆም እንደሚያየው ነው። ፀሐይ በግራ ትወጣለች፣ ቀትር ላይ ከላይ ትሆናለች፣ በቀኝ ትጠልቃለች፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከታች ናት። በጠዋት የተወለደ ሰው ☉ ከግራው ጫፍ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። የእህቴ ግን ከታች፣ ክቡ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህንን ባውቅ ኖሮ ስህተቱን ባየሁት ቅጽበት እለየው ነበር።

ሰዓቱን ሳስተካክል AC ላይ የነበረው የጀውዛ 3ኛ ዲግሪ የአሰድ 27ኛ ዲግሪ ሆነ። ክቡ በሙሉ ወደ ሩብ ዙር ያህል ተሽከረከረ ማለት ነው። በነገራችን ላይ AC በግምት በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ይሄዳል። አንድ ኮከብ 30 ዲግሪ ስለሆነ በሁለት ሰዓት ገደማ ወደሚቀጥለው ኮከብ ይሻገራል። እህቴ አሥር ደቂቃ ያህል ዘግይታ ብትወለድ ኖሮ AC ወደ ሰንቡላ በገባ ነበር። እናቶቻችን «ቅዳሴ ሊገባ ሲል» ብለው የሚነግሩን ሰዓት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከዚህ መገመት ይቻላል። የትውልድ ቦታሽንም አሁን የምትኖሪበትን ከተማ ሳይሆን የተወለድሽበትን አስገቢ።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። እናቴ «የእሷ ኮከብ ሌላ ነው» ብላ ተከራከረችኝ። እሷ የምታውቀው በዐውደ ነገሥት የተሰላውን ነው። እዚያ የልጁና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው በ12 እየተገደፉ ኮከቡ ይወጣል። በልደት ካርታ ላይ ያለው ግን ፀሐይ በዕለቱ የነበረችበት ቦታ ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ሁለቱ የማይገናኙ ስሌቶች ናቸው።

የፕላኔቶቹን ምልክቶች በአንድ ቀን ለመሸምደድ አትሞክሪ። እኔን ያስቸገሩኝ ሜርኩሪና ቬነስ ነበሩ፤ ☿ ቀንድ አለው፣ ♀ የለውም። ማርስ ቀስት የወጣለት ክብ ነው፦ ♂። ሳተርን ደግሞ ከላይ መስቀል ያለው ማጭድ ይመስላል፦ ♄። ከምልክቱ ጎን ያለው ቁጥር ፕላኔቱ በኮከቡ ውስጥ ስንተኛ ዲግሪ ላይ እንዳለ ይነግርሻል፤ ከ0 እስከ 29 ይሄዳል። ፕላኔቶች ሲጨናነቁ ኮምፒውተሩ ምልክቶቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ስለሚያስቀምጣቸው ዓይንሽን ሳይሆን ቁጥሩን እመኚ።

ክቡ የሚከፈልባቸው ቤቶች 12 ናቸው፤ ከAC ተነስተሽ በሰዓት ዘንግ ተቃራኒ አቅጣጫ ትቆጥሪያለሽ። 1ኛው ስለ ራስ፣ 4ኛው ስለ ቤተሰብ፣ 7ኛው ስለ ትዳር፣ 10ኛው ስለ ሥራ ይባላል፤ የቀሩትን ከየትም ታገኛለሽ። እዚህ ላይ ማወቅ ያለብሽ ቤቶቹን የሚከፍሉባቸው ስልቶች የተለያዩ መሆናቸውን ነው። በፕላሲደስ ስልት የእህቴ ፀሐይ 12ኛ ቤት ውስጥ ናት፤ ምክንያቱም ከAC በላይ ናት፣ ወጥታለች። ሙሉ ኮከቡን እንደ አንድ ቤት በሚቆጥረው ስልት ግን አሰድ በሙሉ 1ኛ ቤት ስለሚሆን ያችው ፀሐይ 1ኛ ቤት ትገባለች። አንዱ «ስውር ሕይወት» ይላል፣ ሌላው «ጎልቶ መታየት»። ሁለቱን እያቀያየርሽ ደስ ያለሽን ትርጉም መምረጥ ራስን ማታለል ስለሆነ አንዱን ያዢ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ በፕላሲደስ የሚወጡት ቤቶች ስፋታቸው ይቀራረባል። ስቶክሆልም የተወለደ ሰው ካርታ ላይ ግን አንዱ ቤት ጠባብ ሌላው እጅግ ሰፊ ሆኖ ብታዪ ስህተት አይደለም።

አሁን ወደ መስመሮቹ እንምጣ። መስመር የሚሰመረው በሁለት ፕላኔቶች መካከል ያለው ማዕዘን ወደ አንዱ የታወቀ ልክ ሲቀርብ ነው። ብዙ ድረ ገጾች ላይ ቀዩ 90 እና 180 ዲግሪ ነው፤ ውጥረት ነው ይባላል። ሰማያዊው 60 እና 120 ነው፤ መግባባት ይሉታል። መለኪያ አያስፈልግሽም፤ ኮከቦቹን ቁጠሪ። በእህቴ ካርታ ፀሐይ አሰድ 18፣ ማርስ አቅራብ 16፣ ዩራነስ ደለዊ 14፣ ሳተርን ሠውር 16 ላይ ናቸው። ከአሰድ እስከ አቅራብ ሦስት ኮከብ፣ ሲባዛ በ30፣ 90 ነው። ከሠውር እስከ አቅራብ ስድስት ኮከብ፣ 180 ነው። ዲግሪዎቹ በሁለትና በአራት ቢበላለጡም ይፈቀዳል፤ አብዛኛው ሰው እስከ 6 ወይም 8 ዲግሪ ልዩነት ይታገሣል። አራቱን ስታገናኚያቸው ውስጡ መስቀል ያለበት ቀይ አራት ማዕዘን ይወጣል። ፀሐይና ጨረቃ ግን ተጠጋግተው ስለተቀመጡ ብዙ ጊዜ መስመር አይሰመርላቸውም፤ መስመር የለም ብለሽ ግንኙነት የለም እንዳትይ።

ሁለት ወር ያሳሳተኝ ይህ ቀይ መስቀል ነው። «እህቴ የዚህን ሁሉ ውጥረት ሸክም ይዛ ነው የተወለደችው» እያልኩ የትምህርት ቤት ጠቧን ሳይቀር በእሱ ተረጎምኩት። ሰዓቱን ሳስተካክል AC ተለወጠ፣ ቤቶቹ ተለወጡ፣ መስቀሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ትሄዳለች፤ ማርስ ከዚያም ያንሳል፣ ሳተርንና ዩራነስ በጭራሽ አይቸኩሉም። በስድስት ሰዓት ውስጥ ጎላ ብላ የምትንቀሳቀሰው ጨረቃ ናት፤ እሷም ሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ያ መስቀል በዚያ ቀን በዓለም ዙሪያ በተወለደ ሕፃን ሁሉ ካርታ ላይ አለ። የእህቴ የነበረው መስቀሉ ያረፈባቸው ቤቶች ናቸው፤ እኔ ደግሞ የተሳሳትኩት እነርሱን ነበር።

አሁን ካርታሽን ክፈቺና ☉ የት እንዳለች፣ በስንት ሰዓት እንደተወለድሽም ጻፊልኝ። ሁለቱ ካልገጠሙ ሌላውን ከማንበባችን በፊት ሰዓቱን እናስተካክላለን።