የጉሮሮ ህመም ጥያቄዎቻችሁ፦ አሞክሳሲሊን መቼ ይጠቅማል? ለምንስ እስከ 10 ቀን?

ደብረ ማርቆስ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። «ጉሮሮዬን አሞኛል፣ አሞክሳ ስጪኝ» ሳልባል የምውልበት ቀን የለም። የጠየቃችሁኝን እነሆ።

«እታለም፣ የ6 ዓመት ልጄ ጉሮሮዋ ተመርምሮ ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ ነው ተባለ። አንዱ ጠርሙስ የአሞክሳ ሽሮፕ ዛሬ በ5ኛው ቀን አለቀ። ልጅቱ ድና ትሯሯጣለች። ሁለተኛውን ልተወው?» (እናት፣ ቡሬ)

አትተዪው እህቴ፣ ዛሬውኑ በጥብጪው። ልጅሽ 20 ኪሎ ናት ብለሽኛል። ለስትሬፕ በኪሎ 50 ሚሊግራም ስለሚታሰብ በቀን 1000 ሚሊግራም ይደርሳታል። ያንቺ ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም የያዘው ነው። ስለዚህ ጠዋት 10፣ ማታ 10 ሚሊሊትር ትወስዳለች። ባለ 100 ሚሊሊትሩ ጠርሙስ ልክ በ5ኛው ቀን ያልቃል። ብዙ እናቶች የሚያቆሙት እዚህ ጋ ነው፤ ጠርሙሱም አልቋል፣ ልጁም ድኗል።

ግን ትኩሳቱ የጠፋው በሁለትና በሦስት ቀን ነው። ባክቴሪያው ከጉሮሮ ተጠራርጎ እስኪወጣ ገና ነው። የምንፈራው ደግሞ ጉሮሮውን አይደለም። ሰውነት ስትሬፕን ሲዋጋ አንዳንዴ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ ያጠቃል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል። የተበላሸ ቫልቭ ደግሞ በሽሮፕ አይመለስም።

«ካቋረጡት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ስለሚለምድ ነው አይደል? ደግሞ ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር ከታየ ባክቴሪያ ስለሆነ ምርመራ አያስፈልግም።» (መምህር፣ ሞጣ)

መላመድ ለብዙ ባክቴሪያ እውነት ነው፤ የጉሮሮ ስትሬፕ ግን አሞክሳ የሚመደብበትን የፔኒሲሊን ወገን እስካሁን አልተላመደም። እዚህ ዋናው ጉዳይ ልብ ነው። ነጩም ነገር በቫይረስ ይመጣል። እኔ አራቱን አብሬ ነው የማየው፦ ትኩሳት፣ ነጭ የያዘ ወይም ያበጠ ቶንሲል፣ ከመንጋጋ ሥር ሲነካ የሚያም እብጠት፣ ሳል አለመኖር። አራቱም ተሟልተው እንኳ ስትሬፕ ላይሆን ይችላል። ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መዘጋት ካለ ግን ቫይረስ ነው ብዬ አስባለሁ።

«እኔ ሁለት ፍሬ አሞክሳ ውጬ በማግስቱ ተሻለኝ። አይሠራም የምትሉት ለምንድን ነው?» (ነጋዴ፣ ፍኖተ ሰላም)

ወንድም ዓለም፣ የተሻለህ መድኃኒቱን ባትውጥም ሊሻልህ በነበረበት ቀን ይመስለኛል። ሰው ፋርማሲ የሚመጣው ህመሙ ሲብስበት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መቅለል ይጀምራል። የአዋቂ ጉሮሮ ህመም ከ10 ሰው በ9ኙ ገደማ ስትሬፕ አይደለም። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፣ ተቅማጥና ሽፍታ ግን ሊያመጣ ይችላል። ፓራሲታሞል፣ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥና ትኩስ ሻይ ይበቃሃል።

«ስለ እንጥል ማስቆረጥ ነው አይደል የምታወሩት? አያቱ ልጄን ካላስቆረጥን ብለዋል።» (አባት፣ ቢቸና)

ስለዚያ አልነበረም፣ ግን ጥሩ አነሳኸው። እባክህ አታስቆርጠው። ደሙ አልቆም ብሎ፣ ቁስሉም አመርቅዞ የሚሞት ልጅ አለ። ስትሬፕ ቢኖር እንኳ የሚቀመጠው ቶንሲሉና ጉሮሮው ላይ ስለሆነ እንጥል መቁረጥ ምንም አያደርገውም። ለአያቱ «መጀመሪያ ይመርመር» በላቸው።

«የስትሬፕ መርፌ የሚሰጠው አንዴ ብቻ ከሆነ ሽሮፑ 10 ቀን ለምን ይባላል? ውጭ አገር 5 ቀን ይበቃል ሲባልም አንብቤያለሁ።» (የነርሲንግ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ከጡንቻ ውስጥ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ስለዚህ አንዱ መርፌ ራሱ ሙሉ ኮርስ ነው። ከ27 ኪሎ በታች 600,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ 1.2 ሚሊዮን። ሽሮፑን አይጨርስም ለምትዪው ልጅ እኔም መርፌውን እመርጣለሁ፤ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። የ5 ቀኑን ስዊድን ውስጥ ሞክረውታል፣ በቀን 4 ጊዜ እየሰጡ። ጉሮሮው ድኗል። ግን እዚያ የሩማቲክ ትኩሳት ብርቅ ነው፣ እኛ ጋ አይደለም። ልብንም እኩል ይጠብቅ እንደሆነ ጥናቱ አልመለሰም። እስከዚያ እኔ 10 ቀን እላለሁ።

«እኛ ቀበሌ ምርመራው የለም። ከተማ ለመድረስ ሁለት ቀን ቢያልፍስ?» (የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ደጀን አካባቢ)

ህመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ከተጀመረ የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል፤ ስለዚህ ሁለት ቀን አያስደነግጥም። ምርመራ ጭራሽ ከሌለ፣ ምልክቶቹን ለያዘ የትምህርት ቤት ልጅ ማከም ይሻላል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፣ አይሆንም የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ማከሙ አደላለሁ። ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ አፉን መክፈት የተሳነው ወይም ሲተነፍስ የሚያጓራ ልጅ ግን ምርመራም ሽሮፕም አይጠብቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ላኪው።