ከኦዲት ሪፖርት ወደ አንድ ገጽ

«አለቃዬ መሐንዲስ ነው፤ ሂሳብ አልተማረም። የዓመቱን የኦዲት ሪፖርት በአንድ ገጽ፣ በሬሾ አድርገሽ አምጪልኝ አለኝ። የትኞቹን ልውሰድ? ቁጥሩንስ ከየት ላውጣ?»

እህቴ፣ ሦስት ይበቃሉ፦ የአጭር ጊዜ ዕዳ የመክፈል አቅም፣ ደንበኛ ለመክፈል የሚፈጅበት ቀን እና ከሽያጭ የተረፈው ትርፍ። ሃያ ከደረደርሽለት አንዱንም አያነበውም። እኔ ብዙ የምደክመው በመካከለኛው ላይ ነው። ምክንያቱም አለቃው ነገ ጠዋት ስልክ አንስቶ ሊያስተካክለው የሚችለው እሱን ነው።

በምሳሌ እንየው። መጀመሪያ ከሰንጠረዡ አናት «በሺህ ብር» ይላል ወይ የሚለውን አረጋግጪ። እንደዚያ ከሆነ 240,000 ሽያጭ ማለት 240 ሚሊዮን ብር ነው። የሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ «የንግድና ሌሎች ተሰብሳቢዎች» 104 ሚሊዮን ይላል እንበል። ይህን ቁጥር እንዳለ አትውሰጂ። ከጎኑ የማብራሪያ ቁጥር አለ፤ ወደዚያ ገጽ ሂጂ። 12 ሚሊዮኑ የሠራተኛ ብድር፣ ቅድመ ክፍያና ተቀናሽ ግብር ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከደንበኛ የሚሰበሰበው 92 ሚሊዮን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ደንበኛው ያለበት ዕዳ ቫትን ይጨምራል፤ ሽያጩ ግን ያለ ቫት ነው የሚመዘገበው። ዝም ብለሽ ካካፈልሽው 140 ቀን ይወጣል። ሽያጩ በሙሉ 15 በመቶ ቫት ያለበት ከሆነ ግን ቫቱን መጀመሪያ አውጪለት፦

```
92 / 1.15 = 80
80 / 240 * 365 = 122
```

አሁን ለአለቃሽ «የተሰብሳቢ ሬሾ 122» ብለሽ አትጻፊለት። እንዲህ በዪው፦ «ውላችን 60 ቀን ይላል። ደንበኞች ግን 122 ቀን ገደማ ይቆያሉ። በዚህ መዘግየት 47 ሚሊዮን ብር የሚጠጋ ገንዘብ ደንበኞች ጋር ተይዟል።» 62ቱን ትርፍ ቀን በዕለቱ ሽያጭ አባዝተሽ ቫቱን ስትመልሺበት የሚመጣው እሱ ነው። ደግሞ ሰኔ ላይ ትልቅ ሽያጭ ከነበረ ቀኑ ያለአግባብ ስለሚረዝም፣ የሰኔ 30ውን ከመጋቢትና ከታኅሣሥ መጨረሻ ቀሪ ሂሳብ ጋር አስተያዪው።

የመክፈል አቅሙ ቀላል ነው። ተንቀሳቃሽ ሀብት 160፣ የአጭር ጊዜ ዕዳ 100 ከሆነ 1.6 ይሆናል። ደህና ይመስላል። ከ160ው ውስጥ ግን 104ቱ ገና ያልተሰበሰበ፣ 48ቱ መጋዘን ያለ ዕቃ ነው። ጥሬ ገንዘቡ 8 ሚሊዮን ብቻ ነው። ስለዚህ 1.6ን ብቻውን አታስቀምጪው፤ 8 ሚሊዮኑን አጠገቡ ጻፊ።

ትርፍ ላይ የ2017 በጀት ዓመት ሪፖርት ከሆነ ተጠንቀቂ። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ስለሆነ፣ የዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት ትልቅ የምንዛሪ ኪሳራ መዝግቦ ሊሆን ይችላል። ትርፉን ከኪሳራው በፊትና በኋላ አድርገሽ አሳዪው። አለበለዚያ ፋብሪካው የደከመ ይመስለዋል።

የአምናውንም ቁጥር ከአምናው ሪፖርት ሳይሆን ከዘንድሮው ሪፖርት የአምና ዓምድ ላይ ውሰጂ። ቁጥሩ በኋላ ታርሞ ከሆነ እርማቱ የሚገኘው እዚያ ነው።