አንድ ጥቁር ቀሚስ፣ ሦስት ፕሮግራም፦ በቀበቶ፣ በስካርፍና በጌጥ እንዴት ይቀየራል?

«ሴቶች እባካችሁ እርዱኝ። አንድ ጥቁር ፕሌን ቀሚስ አለኝ። አንገቱ ክብ ነው፣ እጅጌው እስከ ክርን፣ ቁመቱ ከጉልበት ትንሽ ይወርዳል። በዚህ ወር የመሥሪያ ቤት ስብሰባ፣ ክርስትናና የጓደኛዬ ሰርግ አለብኝ። አሁን ሌላ ልብስ መግዛት አልችልም። በስካርፍ፣ በቀበቶና በጌጥ ብቻ ሦስቱንም መወጣት ይቻላል? እናቴ ደግሞ ጥቁር ለብሰሽ ሰርግ አትሄጂም ብላኛለች።»

እህቴ፣ በደንብ ይቻላል። እኔም እንደዚህ ዓይነት ቀሚስ አለኝ፣ ለዓመታት ከቢሮ እስከ ሰርግ አድርሶኛል። ያንቺ ቀሚስ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ምንም ስለሌለበት ነው። አበባ ወይም የሚያብረቀርቅ ነገር ቢኖርበት ኖሮ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነበር። ፕሌን ጥቁር ሲሆን ግን ሰው የሚያየው አንገትሽንና ወገብሽን ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ከተቀየሩ ቀሚሱ ያው መሆኑን የሚያስተውል የለም።

ከሁሉ በፊት ቀሚሱን የቀን ብርሃን ላይ አውጥተሽ እዪው። ብዙ የታጠበ ጥቁር ወደ ቡናማ ይሄዳል። ቤት ውስጥ አይታወቅም፣ አዲስ ጥቁር ቀበቶ ስታስሪበት ግን ልዩነቱ ወዲያው ያስጠላል። እንደዚያ ከሆነ ጥቁር ቀበቶ ተዪና ቡናማ ወይም ሌላ ቀለም ያዢ።

አሁን ቀበቶው። ወገብሽን ለማግኘት ቀጥ ብለሽ ቁሚና ወደ ጎን ዘንበል በይ፣ ጎንሽ ላይ የሚታጠፈው ቦታ ወገብሽ ነው። ብዙዎቻችን ከዚያ ዝቅ አድርገን እናስራለን፣ ያኔ እግር ያጥራል፣ ሆድም ይጎላል። ቀጥሎ ከጡትሽ ሥር እስከ ወገብሽ በጣት ለኪ። አራት ጣት ካልሞላ ሰፊ ቀበቶ አይሆንሽም፣ መሀሉን በሙሉ ይውጠዋል፤ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀጭን ይሻልሻል። ከዚያ በላይ ከሆነ አምስትና ስድስት ሳንቲሜትር የሚሰፋውም ያምርብሻል። ቀለሙን በተመለከተ ደግሞ ጥቁር በጥቁር ላይ ወገብ ያወጣል እንጂ ሰውነትን ለሁለት አይከፍልም፣ ስለዚህ አጠር ለምንል ሰዎች ጥሩ ነው። ደማቅ ቀለም ግን መሀል ላይ መስመር ስለሚሠራ ቁመት ይቀንሳል።

ሰው የማይነግርሽ አንድ ነገር አለ። ሰፋ ያለ ቀሚስ በቀበቶ ሲታሰር ጨርቁ ወደ ላይ ይሳባልና ታችኛው ጠርዝ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴ የፊቱና የኋላው እኩል አይሆንም። ያንቺ ከጉልበት ትንሽ ብቻ ስለሚወርድ ይሄ ያሳስባል። አስረሽ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ጉልበትሽ በጣም ከወጣ ላላ አድርገሽ እሰሪው። ቀበቶው ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ እንዳይሸሽ ደግሞ ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ በጥቁር ክር ትንሽ ማስገቢያ አሠሪበት። ቀላል ሥራ ነው፣ ሳይታሰር ሲቀርም በጥቁር ላይ አይታይም።

ስብሰባው ቀላሉ ነው፣ በፍጥነት ልለፈው። ቀጭን ጥቁር ቀበቶ፣ ትንሽ ጉትቻ፣ ሰዓት። አንገት ላይ ጥጥ የሆነ አራት ማዕዘን ስካርፍ፣ ጎንና ጎኑ ሰባ ሳንቲሜትር ገደማ የሆነውን፣ በማዕዘን አጥፊው፣ ከረጅሙ ጠርዝ ፊት ለፊት ካለው ጫፍ ጀምረሽ ሦስት ጣት የሚያህል ጥብጣብ እስኪሆን ጠቅልዪው፣ ከዚያ ቋጠሮውን ወደ ጎን አድርገሽ እሰሪው። ጥጥ ያልኩሽ ቋጠሮ ስለሚይዝ ነው። የሚያንሸራትተው ሳቲን መሳይ ጨርቅ ስብሰባው ሳያልቅ ይፈታል። በስካርፉ ላይ ሐብል አትጨምሪ፣ ክብ አንገት ሁለቱን አይችልም።

ክርስትናው ላይ ቤተ ክርስቲያን ስለምትገቢ ነጠላ ትለብሻለሽ፣ ስለዚህ ጠዋት ቀበቶውም አንገቱም ተሸፍኖ ነው የሚውለው። እዚያ ሰዓት የሚታየው ፊትሽ ነው። ትልልቅ ቀለበት ዓይነት ጉትቻና መንጠቆ ያለው አምባር ቤት ይቅር፣ ነጠላ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ክሩን እየያዘ ይመዘዋል፣ አንዴ የተመዘዘ ክር ደግሞ በቀላሉ ወደ ቦታው አይመለስም። ጆሮ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ጉትቻ ትበቃለች። ግብዣው ቤት ስትደርሺ ነጠላው ወደ ትከሻ ይወርዳል፣ ያኔ ነው ወገብሽ የሚታየው። እኔ በጣም የምወደው እዚህ ጋ መቀነት ማሰር ነው። ሽሮ ሜዳ ስትሄጂ ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂና የጥለቱን ቀለም የሚመስል መቀነት ፈልጊ። ሁለት ጊዜ ወገብሽ ላይ ጠምጥሚው፣ ጎን ላይ ቋጥረሽ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገቢው ወይም አንዱን ብቻ ልቀቂው። የነጠላው ጥለት ትከሻ ላይ፣ ያው ቀለም ወገብ ላይ ሲደገም ጥቁሩ ቀሚስ የሐበሻ ልብስ አካል ይመስላል። አንገት ላይ የብር መስቀል ካለሽ ይበቃል፣ ሌላ አያስፈልግም።

ወደ ሰርጉ ስንመጣ፣ እናትሽን እሰሚያት። በብዙ ቤት፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች ዘንድ፣ ጥቁር የሐዘን ቀለም ነው። የሙሽራዋ አያት በሙሉ ጥቁር ቢያዩሽ ቅር ሊላቸው ይችላል፣ እንደዚህ ዓይነቱ ቅሬታ ደግሞ ቶሎ አይረሳም። መፍትሔው ግን ቀሚሱን መተው አይደለም። ከፊትሽ አጠገብ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ቀለም ማምጣት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ስስ የሆነ ረጅም ስካርፍ ፈልጊ፣ ሺፎን ቢሆን ጥሩ፣ ርዝመቱ መቶ ሰማንያ ሳንቲሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ሰባ። ቀለሙ ወርቃማ፣ ደማቅ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ የፈለግሽው፣ ብቻ ነጭ አይሁን፣ ነጩ የሙሽራዋ ነው። አንገትሽ ላይ ከኋላ አድርገሽ ሁለቱን ጫፎች ከፊት እኩል አውርጃቸው። ትከሻሽ ላይ ትንሽ ዘርጋ አድርጊያቸው። ከዚያ ከላይ ቀበቶ እሰሪባቸው። ስካርፉ ከቀበቶው በላይ እንደ ሰደርያ ይሆናል፣ ከቀበቶው በታች ደግሞ ሁለት የቀለም መስመር ሆኖ ይወርዳል። ጥቁሩ መሀል ላይና ጎን ላይ ብቻ ይቀራል። ቀበቶው ወርቃማ ወይም የስካርፉን ቀለም የያዘ ሲሆን በጣም ያምራል። ወፍራም ስካርፍ ግን እንዳትሞክሪ፣ ቀበቶው ሥር ተከማችቶ ወገብሽን ያወፍረዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሰርግ ቤት ጭፈራ አለ። እስክስታ ትከሻ ላይ ያረፈውን ሁሉ ይጥላል። ስለዚህ ስካርፉን ግራና ቀኝ ትከሻ ላይ ከውስጥ በኩል በትንንሽ መርፌ ቁልፍ ከቀሚሱ ጋር ያዢው። መርፌውን ቀሚሱ ስፌት ላይ አስገቢው፣ ሜዳው ጨርቅ ላይ ከገባ ቀዳዳው ይቀራል። ሦስተኛ መርፌ ቁልፍም ከኋላ፣ ከአንገትሽ ሥር አድርጊ። ቀሚስሽ ከኋላ ዚፕ ካለው ይሄኛው መርፌ ከዚፑ ጎን ይሁን እንጂ ዚፑ ላይ አይሁን፣ ሺፎን በዚፕ ጥርስ ከተያዘ ሳይቀደድ ማውጣት ከባድ ነው።

ረጅም ሐብል ለጭፈራ አይሆንም፣ ደረት እየመታ ያስቸግራል፣ ከስካርፉም ጋር ይጠላለፋል። ባጠቃላይ ስካርፉ አንገትሽን ስለሞላው ሐብል አያስፈልግሽም። ገንዘቡንም ትኩረቱንም ጉትቻው ላይ አድርጊው፣ ፀጉርሽን ወደ ላይ ያዢና ትልቅ ግን ቀላል የሆነ ጉትቻ አድርጊ። ከመግዛትሽ በፊት እጅሽ ላይ መዝኚው፣ ከባድ ጉትቻ እስከ ማታ ጆሮ ያሳምማል። እጅጌሽ ክርን ላይ ስለሚያልቅ ክንድሽ ባዶ ነው፣ አንድ ሰፋ ያለ አምባር ወይም ብዙ ቀጫጭን እዚያ ያምራል። የቀበቶው ዘለበት፣ ጉትቻውና አምባሩ አንድ ዓይነት ቀለም ይኑራቸው፣ ወይ ሁሉም ወርቃማ ወይ ሁሉም ብርማ። ውድ መሆን የለባቸውም፣ አርቲፊሻልም ይሆናል፣ ግን ሽቶ ተቀብተሽ ከደረቀ በኋላ ነው የሚደረጉት፣ ሽቶና ላብ ቅቡን ቶሎ ያጠቁረዋል።

አዲስ ስካርፍ ከገዛሽ ቀለም እንደማይለቅ አረጋግጪ። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ አንዱን ጫፍ ጠንከር አድርገሽ ጥረጊው። ቀለም ከወጣ በጭፈራ ላብ አንገትሽ ላይም ይወጣል ማለት ነው።

መልስ ላይም ከተጠራሽና ሰዎቹ ያው ከሆኑ፣ የምትቀይሪው የላይኛውን ክፍል ይሁን። ፎቶ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ስካርፉን ተይውና ነጠላውንና መቀነቱን አምጫቸው፣ ከዚህ በፊት ክርስትናው ላይ ያዩሽ ሰዎች ካልሆኑ ማንም አያውቅም። ክርስትናው ላይም ያዩሽ ከሆኑ ደግሞ ቀበቶ ሳታስሪ ረጅም ሐብል ብቻ አድርጊበት፣ ከደረትሽ በታች የሚወርደውን። ክብ አንገት ላይ አጭር ሐብል ከቀሚሱ ጠርዝ ጋር ስለሚጋጭ ያጨናንቃል፣ ረጅሙ ግን ይከፍተዋል። በቀበቶ ላይ ማድረግ ከፈለግሽ የሐብሉ ጫፍ ከዘለበቱ ቢያንስ አራት ጣት ከፍ ብሎ ይቅር፣ አለበለዚያ እየተጋጨ ሲጮህ ይውላል።

ለቅሶ ድንገት ቢመጣ ያው ቀሚስ ይሆናል፣ ግን ያኔ ምንም አትጨምሪበት። ቀበቶም ጌጥም ይውለቅ፣ ነጠላውን አዘቅዝቀሽ ልበሺ።

እጅሽ ላይ ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የሰርጉን ስካርፍ ግዢ፣ ቀለሙ ፊትሽ ላይ ስለሆነ በደንብ መርጠሽ። ቀበቶ ከሰልባጅ ጥሩ ጥሩ ይገኛል፣ ቀዳዳው ካልደረሰልሽ ጫማ ሰፊ ይበሳልሻል። ጉትቻና አምባር ከእህት ወይም ከጓደኛ መዋስ ይቻላል። ሁሉም ሲሟላ ከሰርጉ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ጫማሽን ጨምረሽ ሙሉውን ልበሺ፣ ዘፈን ክፈቺና መስታወት ፊት እስክስታ ምቺ። የሚወርድ፣ የሚወጋ ወይም የሚላቀቅ ነገር ካለ እዚያው ታይዋለሽ፣ መርፌ ቁልፉን ለመጨመርም ጊዜ ይኖርሻል።