ጭማሪ ከመጠየቃችሁ በፊት

ልጆች፣ እዚህ ሀዋሳ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ደመወዜ ከ9,000 ወደ 13,000 ብር አድጓል፤ ታዲያ ለምን ወር አያደርሰኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። አባካኝ የሆነች መስሏት ነበር። አባካኝ አይደለችም፤ ደመወዟ ነው የቀነሰው።

ለስሌት እንዲመች የአራቱ ዓመታት የዋጋ ንረት 30፣ 30፣ 20 እና 15 በመቶ ነበር እንበል። ብዙዎቻችሁ ትደምሩና 95 በመቶ ትላላችሁ። የዘንድሮው ንረት ግን አምና በጨመረው ዋጋ ላይ ስለሚያርፍ የሚባዛ እንጂ የሚደመር አይደለም። 1.30ን በ1.30፣ ከዚያ በ1.20፣ ከዚያ በ1.15 አባዙት፤ 2.33 ይመጣል። ያኔ 100 ብር የነበረው ዕቃ ዛሬ 233 ብር ነው። 13,000ን በ2.33 ስታካፍሉት 5,580 ብር ገደማ ይሆናል። በተቀጠረችበት ጊዜ ብር፣ ዛሬ የሚከፈላት ይኸው ነው።

ስለዚህ 9,000 በ2.33 ተባዝቶ 21,000 ብር ገደማ ትጠይቅ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ግብሩን ይረሳል። ስትቀጠር በነበረው ሕግ ከ9,000 ብር ላይ 1,745 ብር ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ተቆርጦ እጇ የሚገባው 6,625 ብር ነበር። ይህን በ2.33 ስታባዙት 15,440 ብር ገደማ ይሆናል። ከ2017 ሐምሌ ጀምሮ በሚሠራው የግብር ማሻሻያ ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል። ያንን የተጣራ ገንዘብ ለማግኘት ያልተጣራው ደመወዝ 23,100 ብር አካባቢ መሆን አለበት፤ ከ13,000 ተነስቶ የ78 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። ማሻሻያው ከግብር ነፃ የሆነውን ጣሪያ ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎም እንኳ!

ይህን ያህል በአንዴ የሚሰጥ ቀጣሪ አታገኙም። ቢሆንም ቁጥሩን ይዛችሁ ግቡ፤ ዛሬ ወጣቱ «ኑሮ ተወደደ» ብሎ ይገባና 10 በመቶ ተቀብሎ አመስግኖ ይወጣል። የደመወዙን ጭማሪ እምቢ ካሏችሁ የትራንስፖርት አበል ጠይቁ። በመመሪያው ገደብ ውስጥ እስካለ ድረስ ግብር አይቆረጥበትም፤ 35 በመቶ በሚቆረጥበት እርከን ላይ 1,000 ብር የደመወዝ ጭማሪ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅ ሲገባ ግን 580 ብር ብቻ ነው። ጉዳቱ፣ ጡረታ የሚሰላው በዋናው ደመወዝ ስለሆነ አበሉ ለዚያ አይቆጠርም።

የራሳችሁን ስትሠሩ ዓመታዊ መቶኛዎችን ከማሳደድ፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎት ከሚያወጣው የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ የተቀጠራችሁበትን ወርና የአሁኑን ወር ቁጥር ወስዳችሁ አካፍሉ። ሁለቱም በአንድ መነሻ ዓመት የተሰሉ መሆናቸውን ግን አጣሩ። ኢንዴክሱ አማካይ ነው፤ ከደመወዛችሁ ግማሹ ለቤት ኪራይ የሚሄድ ከሆነ የድሮውንና የአሁኑን የኪራይ ውል ጎን ለጎን አስቀምጡና ለብቻው አስሉት።